እየመጣ የሚሄድ የኢንተርኔት መቋረጥን ለአቅራቢው ድርጅት በጽሑፍ ማስታወቅ፦ ለሱቅ ባለቤቶች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በድሬዳዋ ከከዚራም ሆነ ከመጋላ በኩል ያሉ የሱቅ ባለቤቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ኢንተርኔቱ በቀን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል፣ ከዚያ ራሱ ይመለሳል። ስናመለክት ባለሙያ ይመጣል፤ ሲፈትሸው ግን ይሠራል፤ ‹ችግር የለበትም› ብሎ ይሄዳል። ምን ብለን ብንጽፍ ነው የሚያዩልን?» ይላሉ። ከዚህ በታች ያለው መልሴ ነው።

መመሪያው መስመሩ ጨርሶ ለተቋረጠባቸው አይደለም፤ ለእነርሱ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል። የሚመለከተው የመሣሪያው መብራት እየበራ፣ ዋይፋዩም ተገናኝቶ እያለ፣ ገጹ ሲሽከረከር ቆይቶ `ERR_CONNECTION_TIMED_OUT` የሚል ጽሑፍ ለሚያወጣባቸው፣ ወይም የክፍያ ማረጋገጫ ደንበኛው ባንኮኒው ፊት ቆሞ እያለ ለሚዘገይባቸው ነው። ታይም አውት የሚነግረን ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ኮምፒውተሩ ጥያቄ ልኮ በተመደበለት ጊዜ ውስጥ መልስ አላገኘም። መልሱ ሱቁ ውስጥ ይቅር፣ በመንገዱ ላይ ይቅር ወይስ ሩቅ አገር፣ ጽሑፉ አይናገርም። ስለዚህ ችግሩን በዓይኑ ያላየው የድርጅቱ ባለሙያ መዝገቡን ከፍቶ የሚፈልገው የትኛውን ደቂቃና የትኛውን የመስመር ክፍል እንደሆነ ልንነግረው ይገባል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር
- ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ የኔትወርክ ገመድ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ፎቶ የሚያነሣ ስልክ
- ውሉ ላይ ወይም የክፍያ ደረሰኙ ላይ ያለው የአገልግሎት ቁጥር
- ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀናት

ማስጠንቀቂያ

በራውተሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ መርፌ አስገብተው አይጫኑ። ይህ መሣሪያውን አጥፍቶ ከማብራት የተለየ ነው፤ ድርጅቱ የሞላውን የመገናኛ ስምና የይለፍ ቃል ሊያጠፋው ይችላል፤ ያን ጊዜ አልፎ አልፎ ይታይ የነበረው ችግር ሙሉ መቋረጥ ይሆናል። መስመርዎ ፋይበር ከሆነ ቀጭኑን ገመድ አይንቀሉ፣ አያጥፉ፣ ጫፉንም በዓይንዎ አይመልከቱ። በመልእክቱ ውስጥም የይለፍ ቃልም ሆነ የክፍያ ምስጢር ቁጥር አይጻፉ፤ ስሕተቱን ለመፈለግ አያስፈልጉም።

1. ሰዓቱንና ቀኑን ያስተካክሉ

ከሁሉ በፊት ይህን ያድርጉ፤ ብዙ መልእክት ዋጋ የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። የኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል `(UTC+03:00) Nairobi` መሆኑን ያረጋግጡ፤ የእኛም ሰዓት ከዚያው ክልል ነው። ሰዓቱንም ከስልክዎ ጋር ያስተያዩ።

እኛ «ከቀኑ 9 ሰዓት ከ42» የምንለውን የድርጅቱ መሣሪያዎች የሚመዘግቡት 15:42 ብለው ነው። ባለሙያው «9:42» የሚል ብቻ ካነበበ የጠዋቱን መዝገብ ሊከፍት ይችላል፤ የጠዋቱ መዝገብ ደግሞ ንጹሕ ይሆንና ጉዳዩ «ስሕተት አልተገኘም» ተብሎ ይዘጋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ላለው የቀን ሰዓት በእኛ ቁጥር ላይ 6 ይጨምሩ፤ 9:42 ሲደመር 6 ሰዓት 15:42 ይሆናል። ለምሽቱ ከ1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ይጨምሩ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን 6 ይቀንሳሉ፤ በድርጅቱ መዝገብ ቀኑም በዚያች ቅጽበት ወደሚቀጥለው እንደሚዞር አይርሱ። በመልእክቱ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር፣ ቀኑንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ።

2. ኮምፒውተሩን በገመድ ያገናኙ

መለኪያው በዋይፋይ ከተወሰደ የድርጅቱ የመጀመሪያ መልስ «ዋይፋይዎ ይሆናል» የሚል ነው፤ መልሱም ተገቢ ነው፤ ግድግዳ፣ የጎረቤት ሱቅ ዋይፋይና የብረት መደርደሪያ ሁሉ ተመሳሳይ ምልክት ሊያስከትሉ ይችላሉና። በገመድ የተወሰደ መለኪያ ይህን ክርክር ከመነሻው ያስቀረዋል። ኮምፒውተሩ ከገመዱ ጋር ሳለ ዋይፋዩን ያጥፉት። ላፕቶፕ ከሆነም በኃይል ማስተካከያው ላይ ራሱን እንዳያስተኛ ያድርጉት፤ ኮምፒውተሩ የተኛበት ጊዜ በመዝገቡ ላይ ክፍተት ሆኖ ይቀራል፤ ክፍተቱም መስመሩ የተቋረጠ ያስመስላል።

3. ሦስቱን ነጥቦች ይለዩ

መስመሩን በሦስት ቦታ እንለካዋለን፦ በራስዎ ራውተር፣ በድርጅቱ የመጀመሪያ መግቢያና ውጭ ባለ ነጥብ፣ ማለትም `8.8.8.8` በሚባለው የጉግል አድራሻ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ፓወርሼልን (PowerShell)፣ ይክፈቱና ይህን ይጻፉ፦

```
tracert -d 8.8.8.8
```

በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚወጣው የራውተርዎ አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ `192.168.1.1` ነው፣ የእርስዎ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው መስመር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የድርጅቱ የመጀመሪያ መግቢያ ነው። ሁለተኛው መስመር ኮከብ ብቻ ካሳየ ሦስተኛውን ይውሰዱ። ኮከቡ ራሱ ስሕተት አይደለም፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳይመልሱ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው። ይህን ሳያውቁ የኮከቡን ፎቶ እንደ ማስረጃ የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ ባለሙያውም ቀሪውን ጽሑፍ በጥርጣሬ እንዲያነበው ያደርጋሉ።

4. ሦስት መዝገቦችን ያስጀምሩ

ለአንድ አድራሻ ጥያቄ ልኮ መልስ የሚጠብቀው ተራው የ`ping` ትእዛዝ ሰዓት አይጽፍም፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ሰዓቱን ነው። ስለዚህ ሦስት የፓወርሼል መስኮቶችን ከፍተው በመጀመሪያው ይህን ያስገቡ፤ የራውተርዎ አድራሻ ሌላ ከሆነ በእርሱ ይተኩት፦

```
ping -t 192.168.1.1 | % { "$(Get-Date -Format 'yyyy-MM-dd HH:mm:ss') $_" | Tee-Object "$HOME\1.txt" -Append }
```

በሁለተኛው መስኮት አድራሻውን በድርጅቱ መግቢያ አድራሻ፣ የፋይሉን ስም በ`2.txt` ይተኩ። በሦስተኛው `8.8.8.8` እና `3.txt` ይሁኑ። መስኮቶቹን ዝቅ አድርገው ሱቁ እስኪዘጋ ይተዋቸው፤ ሥራዎን አያስተጓጉሉም። ለማቆም `Ctrl+C` ይጫኑ።

መልስ ሲኖር መስመሩ ከሰዓቱ ቀጥሎ `Reply from` ይልና የወሰደውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይጽፋል። መልስ ሲጠፋ `Request timed out.` ይላል። መልስ ሲኖር በየሰከንዱ አንድ መስመር ይወጣል፤ ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩ 4 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ መቋረጡ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚታወቀው ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ሰዓት እንጂ ከመስመሮቹ ብዛት አይደለም።

5. ችግሩ ሲነሣ ይመልከቱ እንጂ አይንኩ

ኢንተርኔት ሲጠፋ የሁላችንም እጅ ወደ ሶኬቱ ይሮጣል። መሣሪያውን አጥፍተው ካበሩት ግን በውስጡ የነበረው መረጃ ይጠፋል፤ «ራሱ ተመለሰ» ማለትም ከዚያ በኋላ አይቻልም። በዚያች ሰዓት ሦስት ነገሮችን ብቻ ያድርጉ።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን መብራቶች ፎቶ ያንሡ። በፋይበር መሣሪያ ላይ `PON` የሚለው ሳያርገበግብ ከበራና `LOS` የሚለው ከጠፋ ብርሃኑ እየደረሰ ነው፤ `LOS` ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ራሱ ተቋርጧል። በስልክ መስመር በሚመጣ ኢንተርኔት ላይ `DSL` የሚለውን ይመልከቱ፤ የሚያርገበግብ ከሆነ መሣሪያው መስመሩን እንደገና እየፈለገ ነው። እነዚህ ሁለት ዓይነት ምልክቶች ወደተለያዩ ባለሙያዎች ስለሚመሩ ከመብራቶቹ አንዱን መግለጽ ከአንድ ገጽ ምሬት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ምን እየሠሩ እንደነበርና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል ደብተር ላይ ይጻፉ። `ERR_CONNECTION_TIMED_OUT` እና `DNS_PROBE_FINISHED_NXDOMAIN` ለእኛ ሁለቱም «አልከፍት አለ» ናቸው፤ ለባለሙያው ግን ፊተኛው መልስ አለመምጣቱን፣ ኋለኛው የድረ ገጹ ስም አለመገኘቱን ይነግሩታል።

ሦስተኛ፣ መስመሩ ከተመለሰ በኋላ የራውተሩን አድራሻ በድር ማሰሻ ላይ ሲጽፉ በሚከፈተው የራውተሩ ገጽ ላይ `Uptime` የሚለውን ያንብቡ። መሣሪያው ከበራ ስንት ጊዜ እንደሆነው ያሳያል። ቁጥሩ የደቂቃዎች ዕድሜ ብቻ ከሆነ መሣሪያው ራሱ ጠፍቶ በርቷል፤ ምክንያቱ መብራት መዋዠቅ ወይም የኃይል አስማሚው መድከም ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ እርሱን መመርመር ይገባል። በዚህ አጋጣሚ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ራውተሩን በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ወይም ከቆርቆሮው ሥር መስቀል መሣሪያው እንዲደነዝዝ ያደርጋል፤ ነፋስ ወዳለበት ቦታ ያውርዱት።

6. የራስዎን አጠቃቀም ከጥርጣሬ ያውጡ

ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ የጥበቃ ካሜራ ወይም ፎቶዎችን በራሱ የሚሰቅል የሠራተኛ ስልክ የመላኪያውን አቅም ሲሞላው ሌላው ሁሉ ታይም አውት ይላል። ይህ በምልክቱ ከድርጅቱ ችግር ጋር ፈጽሞ ይመሳሰላል። ስለዚህ ከመለኪያ ቀናቱ በአንዱ፣ ችግሩ በሚነሣበት ሰዓት፣ ከመለኪያው ኮምፒውተር በስተቀር ሁሉንም ያላቁ። ሥራ የሚያስተጓጉል ቢሆንም ይህን እርምጃ አይዝለሉ፤ ያኔም መቋረጡ ከቀጠለ የመልእክትዎ ጠንካራው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሆናል።

7. መዝገቦቹን ያንብቡ

መልስ የጠፋባቸውን መስመሮች ብቻ ለማውጣት፦

```
Select-String "timed out|unreachable|failure" "$HOME\2.txt"
```

እዚህም እዚያም የምትታይ አንዲትን `Request timed out.` ይለፏት፤ በጤነኛ መስመርም ታጋጥማለች። እኔ መቋረጥ ብዬ የምቆጥረው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ሲሆኑ ነው። ከዚያ ሦስቱን ፋይሎች በአንድ ደቂቃ ላይ ያስተያዩአቸው።

ፋይል 1 ራሱ መልስ ካጣ ችግሩ ሱቁ ውስጥ ነው፦ ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም ራውተሩ። ፋይል 1 እየመለሰ 2 እና 3 በአንድነት ከጠፉ ችግሩ በእርስዎ ራውተርና በድርጅቱ መግቢያ መካከል ወይም በመግቢያው ላይ ነው። 1 እና 2 እየመለሱ 3 ብቻ ከጠፋ ችግሩ ከመግቢያው በላይ ነው፤ ነገር ግን ይህን ከመጻፍዎ በፊት በ`1.1.1.1` ላይም ይሞክሩ፣ `8.8.8.8` ብቻውን ዘግይቶ ይሆናልና። 2 ጠፍቶ 3 እየመለሰ ከሆነ መስመሩ ደኅና ነው፤ መግቢያው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቸል ማለቱ ብቻ ነው። ሦስቱም እየመለሱ ገጽ ካልተከፈተ ደግሞ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት ወይም ገጹ ራሱ ሊሆን ስለሚችል መልእክቱ ይህንኑ ይበል።

አንድ ነገር ይጨምሩ፦ መልሱ ከመጥፋቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት መስመሮች ይመልከቱ። የሚሊሰከንዱ ቁጥር እያደገ ሄዶ ከጠፋ የመስመሩ መጨናነቅ ይጠረጠራል፤ በዝቅተኛ ቁጥር ላይ እያለ ድንገት ከተቆረጠ ግን የግንኙነት መላቀቅ ይመስላል። ልዩነቱን ይመዝግቡ፤ ፍርዱን ግን ለባለሙያው ይተዉ።

8. መልእክቱን ይጻፉ

ለማሳያ ያህል በከዚራ ያለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያዎች መደብርን እንውሰድ። ከተማው ከቀትር ዕረፍት ተመልሶ ሱቆች በሚከፈቱበት ሰዓት ኢንተርኔቱ ይጠፋበታል እንበል። ባለሙያ በጠዋት ቢመጣ ምንም አያገኝም፤ በቀትር ቢመጣ ሱቁ ዝግ ነው። የሦስት ቀናት መዝገብ ከተያዘ በኋላ መልእክቱ ይህን ይመስላል፦

> ጉዳዩ፦ በየቀኑ ከ15:30 እስከ 16:40 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚከሰት ተደጋጋሚ የታይም አውት ስሕተት
>
> የአገልግሎት ቁጥር፦ …… የአገልግሎቱ ዓይነት፦ ፋይበር፣ ለንግድ። አድራሻ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ …… አጠገብ። ስልክ፦ ……
>
> ከላይ በተጠቀሰው የአገልግሎት ቁጥር የምንጠቀምበት ኢንተርኔት ከሰዓት በኋላ ለደቂቃዎች መልስ መስጠት አቁሞ መሣሪያው ሳይነካ ራሱ ይመለሳል። ሰዓቶቹ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚከተሉት ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 9:30 እስከ 10:40 መካከል ማለት ነው።
>
> ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ. 17/11/2025)፦ 15:42–15:49 እና 16:10–16:13
> ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ. 18/11/2025)፦ 15:38–15:51
> ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ. 19/11/2025)፦ 15:45–15:50 እና 16:31–16:34
>
> በሦስቱም ቀናት ከ08:30 እስከ 12:00 በተደረገው መለኪያ መቋረጥ አልታየም።
>
> በእነዚህ ሰዓቶች ከራውተራችን ጋር በገመድ የተገናኘው ኮምፒውተር ከራውተሩ መልስ ያገኝ ነበር፤ ከእናንተ የመጀመሪያ መግቢያና ከ`8.8.8.8` ግን መልስ አላገኘም። ከመጥፋቱ በፊት የመግቢያው መልስ ከ6 ሚሊሰከንድ ተነሥቶ ከ600 በላይ ይደርሳል። `PON` መብራት ሳያርገበግብ በርቶ፣ `LOS` ጠፍቶ ነበር። የራውተሩ `Uptime` ሳይቋረጥ ቆጥሯል። ረቡዕ ዕለት ሌሎች መሣሪያዎች በሙሉ ተላቀው እያለ መቋረጡ ተደግሟል።
>
> ስለዚህ በተጠቀሱት ደቂቃዎች የመስመራችንና የመግቢያው መሣሪያ መዝገብ እንዲታይልን፣ ባለሙያ የሚላክ ከሆነም ከ15:30 እስከ 16:40 ባለው ጊዜ እንዲሆንልን፣ ለዚህ ማመልከቻም የመዝገብ ቁጥር እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሦስቱ የመለኪያ ፋይሎችና የመብራቶቹ ፎቶ ተያይዘዋል።

በማሳያው ውስጥ «ኔትወርካችሁ ተጨናንቋል» የሚል ቃል አለመኖሩን ያስተውሉ። ቁጥሮቹ ወደዚያ ያመለክታሉ፤ ምክንያቱን እኛ ከጻፍነው ግን ክርክሩ በምክንያቱ ላይ ይሆንና ሰዓቶቹ ይረሳሉ። ንጹሕ የነበረው የጠዋት ሰዓት መጻፉም በከንቱ አይደለም፤ ባለሙያው ጤነኛውን ሰዓት ከታመመው ጋር እንዲያነጻጽር ያስችለዋል። ስለጠፋው ገቢ መግለጽ ከፈለጉ በሌላ ደብዳቤ ያድርጉት፤ ያ ጥያቄ የሚታየው በሌላ ክፍል ነው።

9. ያስገቡና ይከታተሉ

በአካል የሚያስገቡ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይዘው በመሄድ አንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ፊርማ ያስደርጉ። በስልክ የሚያመለክቱ ከሆነ ጽሑፉን ፊትዎ አስቀምጠው ያንብቡት፤ ከንግግሩ መጨረሻም የመዝገብ ቁጥሩን ይቀበሉ። በድጋሚ ሲደውሉ ታሪኩን እንደ አዲስ አይጀምሩ፤ ቁጥሩን ሰጥተው ከመጨረሻው መልእክት በኋላ የተከሰቱትን ሰዓቶች ብቻ ይጨምሩ፤ አለዚያ አንድ ችግር ሦስት አዳዲስ ጉዳዮች ሆኖ ይበታተናል።

ዘወትር የሚታዩ ስሕተቶች

«ሁልጊዜ ይቆራረጣል» ብሎ መጻፍ ከሁሉ የበዛው ነው። ባለሙያው የከፈተበት ደቂቃ ጤነኛ ከሆነ አቤቱታው በራሱ ይፈርሳል። ሁለተኛው የፍጥነት መለኪያ ፎቶ ብቻ መላክ ነው፤ መለኪያው የሚሠራው መስመሩ ባለበት ሰዓት ስለሆነ መቋረጡን አያሳይም። ሦስተኛው የራውተሩን ሰዓት ማመን ነው፤ መሣሪያው ሰዓቱን ከኢንተርኔት ካላገኘ እ.ኤ.አ. 1970ን ሊያሳይ ይችላል፤ የምንጽፈው ከኮምፒውተሩ ያገኘነውን ሰዓት ነው። አራተኛው ጽሑፍ በተሞላ ስክሪን ላይ የተነሣ ብዥታ ያለበት ፎቶ ነው፤ የ`txt` ፋይሉን ራሱን ያያይዙ።

ድርጅቱ «ተስተካክሏል» ብሎ ከደወለ እሺ ከማለትዎ በፊት ሦስቱን መዝገቦች ችግሩ ይነሣበት በነበረው ሰዓት ለተጨማሪ ሦስት የሥራ ቀናት ያስኬዱ፤ መልስዎንም በዚያው የመዝገብ ቁጥር፣ ከተለካበት ሰዓት ጋር ይላኩ።